«ሽማግሌ ልላክ?» እስኪባል ድረስ፦ የሁለት ጎረቤት ነጋዴዎችን ፍቅር ቀስ እያሉ የመጻፍ መመሪያ

ጎን ለጎን ሱቅ ከፍተው የሚነግዱ ሁለት ባላንጣዎች ቀስ በቀስ የሚዋደዱበት ልብ ወለድ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው መካከሉ ላይ ነው። ታሪኩ 20 ምዕራፍ አለው እንበል። አንባቢው 6ኛው ምዕራፍ ላይ ሁለቱ እንደሚዋደዱ ነቅቷል፤ ጸሐፊው ግን ገና 14 ምዕራፍ ይቀረዋል። ስለዚህ እንቅፋት መደርደር ይጀምራል። ሰውዬው ሊናገር ሲል ስልክ ይጮኻል፣ ደንበኛ ይገባል፣ ሴትዮዋ ከአጎቷ ልጅ ጋር ቆማ ያያትና እጮኛዋ ይመስለዋል፣ ከአዲስ አበባ የድሮ ፍቅረኛ ከተፍ ይላል። አንባቢው አንዴ ወይም ሁለቴ ይታገሣል። ሦስተኛው ላይ ጸሐፊው ገጽ እየሞላ እንደሆነ ይገባውና መጽሐፉን ያስቀምጠዋል።

መፍትሔው ቃሉን የሚያዘገየውን ነገር ከፉክክሩ ውስጥ ማውጣት ነው። ነጋዴ ከተፎካካሪው የሚሰማውን ደግ ቃል በመጀመሪያ የሚጠረጥረው በዘዴነቱ ነው፤ «ደንበኛዬን ሊወስድ ነው»፣ «ዋጋዬን ሊሰልል ነው» ይላል። ይህ ጥርጣሬ እስካለ ድረስ «እወድሻለሁ» ቢባልም አይታመንም፣ ተናጋሪውም እንደማይታመን ያውቃል። ያን ጊዜ ዝምታው ከሥራቸውና ከባሕርያቸው የመጣ ይሆናል፤ አንባቢም «እኔም ብሆን ዝም እል ነበር» ይላል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ይህንኑ በአንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው ያሳያል። ምሳሌው ደብረ ማርቆስ ነው። እናትነሽ ከአባቷ የወረሰችውን የጤፍ መደብር ትሠራለች፤ ምንይችል ከብቸና መጥቶ መስከረም ላይ ከጎኗ ያለውን ክፍል ተከራይቶ እሱም ጤፍ መሸጥ ይጀምራል።

መጀመሪያ፦ ለሁለት የማይከፈል ነገር አኑሩ

ፉክክሩ «ማን የበለጠ ይሸጣል» ብቻ ከሆነ ደካማ ነው፤ ገበያ ለሁለቱም ይበቃል፣ አንባቢም ይህን ያውቃል። አንዱ ሲያገኘው ሌላው የሚያጣው፣ ቀን የተቆረጠለት አንድ ነገር ያስፈልጋል። በምሳሌያችን ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ፣ መካከላቸው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ያለ የአንዲት አከራይ ቤት ናቸው። አከራይዋ እትዬ የሺ ከጥምቀት በኋላ ሁለቱንም ጠርተው «ከሐምሌ 1 ጀምሮ ግድግዳውን አፍርሼ ሁለቱንም ክፍል ለአንድ ሰው ነው የማከራየው፤ እስከ ሰኔ 30 እወስናለሁ» ይላሉ። ሐምሌ 1 የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። የግብር ዘመኑ የሚዞረው በዚያን ቀን ነው፣ ትንንሽ ነጋዴዎችም ግብራቸውን መክፈል የሚጀምሩት በሐምሌ ነው። ለነጋዴ ከእንቁጣጣሽ ያላነሰ መባቻ ስለሆነ አንባቢው ቀኑን ሳይነገረው ይቀበለዋል።

ይህ አንድ ውሳኔ ከ10ኛው እስከ 17ኛው ምዕራፍ ድረስ አፍ ይዘጋል። ምንይችል በመጋቢት «ወድጄሻለሁ» ቢል እናትነሽ የምትሰማው «ሱቁን ለእኔ ተይልኝ» የሚለውን ነው። እሷ ብትናገርም እንደዚያው። ልብ በሉ፤ ማንም ማንንም አላሳሳተም፣ የተደበቀ ደብዳቤ የለም፣ የጠፋ ስልክ የለም። ሁለቱም ሁሉንም ነገር ያውቃሉ፤ ዝም ያሉትም ስለሚያውቁ ነው።

አከራይዋን ክፉ አታድርጓቸው። እትዬ የሺ ሁለት ተከራይ ማሳደድ የደከማቸው፣ አንድ ታማኝ ተከራይ የሚፈልጉ አሮጊት ናቸው። ክፉ ከሆኑ አንባቢው ቁጣውን እሳቸው ላይ ያሳርፋል፤ ሁለቱም ዋናው ጉዳያቸውን ትተው በጋራ ጠላት ላይ ይተባበራሉ። ያን ጊዜ ፉክክሩ ሞተ ማለት ነው።

ሁለተኛ፦ ቤቱን ከመጻፋችሁ በፊት ሣሉት

አንድ ወረቀት ላይ የሁለቱን ክፍሎች ንድፍ አውጡ። በሩ የት ነው? ሚዛኑ የት ቆሟል? ጆንያው የሚደረደረው በየትኛው ግድግዳ ነው? አሸንዳው ውኃውን ወዴት ነው የሚጥለው? ይህን ካላደረጋችሁ ሁለቱ የሚገናኙበትን ሰበብ በየምዕራፉ አዲስ መፍጠር ይኖርባችኋል፤ ካደረጋችሁ ግን ቤቱ ራሱ ያገናኛቸዋል።

በእኛ ንድፍ ሦስት ነገሮች አሉ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ አንዱ የሌላውን የዋጋ ክርክር ይሰማል። የምንይችል ወለል ሁለቱ ወደሚጋሩት ግድግዳ ያዘነበለ ነው፤ ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደዚያ ያጋድላል። አሸንዳው አንድ ነው፣ የሚዘጋውም በእናትነሽ በኩል ነው፤ ሲዘጋ ውኃው የሚገባው ግን ወደ ሁለቱም ነው። እነዚህን ሦስቱን እስከ 3ኛው ምዕራፍ ድረስ እንደ ተራ ነገር ጥቀሷቸው። ያዘነበለው ወለል 15ኛው ምዕራፍ ላይ ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ ያን ጊዜ አዲስ ሆኖ ከመጣ ግን አንባቢው ይነቃል።

ሁለቱ ለብቻቸው የሚሆኑበትን ጊዜም ቁጠሩ። በ20 ምዕራፍ ውስጥ ከ6 ወይም ከ7 ጊዜ አይብለጥ። ሌላው ሁሉ በደንበኛ፣ በተሸካሚ፣ በሱቅ ልጅና በደላላ ፊት ይሁን። እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ከተማ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ነጋዴ ሱቅ ዘግተው ሲያወሩ ካመሹ በማግሥቱ ወፍጮ ቤት ይወራል። ይህ ዓይን ራሱ ቃልን ያስራል፤ ነገር ግን በቂ ምክንያት አድርጋችሁ አትጠቀሙበት። ሰው ይሉኝታውን ጥሶ መናገር ይችላልና።

ሦስተኛ፦ የዝምታውን ምክንያት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ይህ የሥራው እምብርት ነው። ለእያንዳንዱ ምዕራፍ «ዛሬ ለምን አልተናገረም?» ለሚለው ጥያቄ በገጸ ባሕርዩ አንደበት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ለእሷም እንደዚሁ። መልሱ «ስልክ ስለጮኸ» ከሆነ ምዕራፉን ጣሉት። መልሱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት ከሆነም ታሪኩ ቆሟል ማለት ነው፤ ምክንያቱ እየተለወጠ መሄድ አለበት።

በምሳሌያችን ምክንያቱ ሦስት ጊዜ ይለወጣል። ከ1ኛው እስከ 4ኛው ምዕራፍ መልሱ «ምን እናገራለሁ? ይህን ሰው አልወደውም» ነው፤ በዚህ ደረጃ የሚዘገይ ነገር የለም። ከ5ኛው እስከ 8ኛው «ብናገር ይስቅብኛል፤ ለደላላው ሁሉ ያወራብኛል» የሚል ኩራት ነው። 9ኛው ምዕራፍ ላይ ውለታ ይገባል፦ «አሁን ብናገር ለውለታ የተከፈለ ዋጋ ይመስላል»። ከ10ኛው ጀምሮ የኪራዩ ጉዳይ ይዞ ይሄዳል። እንግዲህ ኩራት በውለታ፣ ውለታም በኪራይ ተተካ ማለት ነው። እያንዳንዱ አዲስ ምክንያት የሚመጣው የቀድሞው ሲወድቅ ነው፤ የቀድሞውን የሚጥለው ደግሞ ሁለቱን ያቀራረበው ነገር ራሱ ነው። ውለታው ኩራቱን አፈረሰ፣ ግን በቦታው ዕዳ ተከለ። አንባቢው በአንድ ጊዜ «ተቀራረቡ» እና «ባሰባቸው» የሚለው እዚህ ላይ ነው።

ፆምን ግን የዝምታ ምክንያት አታድርጉት። በዐቢይ ፆም ሰርግ አይደረግም፤ ይህ እውነት ነው። መናገርን የሚከለክል ፆም ግን የለም፣ የጎጃም አንባቢም ይህን ለእናንተ አይነግራችሁም እንጂ ይታዘባችኋል። ሁዳዴን ለጊዜ ማሳያ ተጠቀሙበት፦ ሁለቱም እስከ ቀትር ሳይቀምሱ ሲነግዱ የሚታዩበት፣ ድካም ድምፅን ዝቅ የሚያደርግበት ወቅት ነው።

አራተኛ፦ በየምዕራፉ አንባቢው ይዞት የሚወጣው ነገር ይኑር

ቃሉ ቢዘገይም ፍቅሩ መዘግየት የለበትም። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ሊመለስ የማይችል አንድ ትንሽ ነገር ይደረግ። ትልቅ ከሆነ ቃሉን ራሱን ይጎትተዋል፤ ትንሽ ሆኖ በቁስ የተያዘ ቢሆን ይሻላል። ሦስቱን ብቻ ላሳይ።

የመጀመሪያው የዝርዝር ብር ነው። በገበያ ቀን ዝርዝር ይጠፋል፤ ይህን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ምንይችል የሱቁን ልጅ በ200 ብር ዝርዝር ፍለጋ ወደ እናትነሽ ይልከዋል። ያላት 195 ብር ብቻ ነው፤ «5 ብር አለብኝ በለው» ብላ ትልካለች። ማታ 10 ብር ይዛ ስትመጣ እሱ ደግሞ መልስ የለውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ እሱ የ5 ብሯን ነገር ረስቶታል፤ እሷ ግን አልረሳችም። ዛሬ 5 ብር በቴሌብር መላክ ይቻላል፤ አንባቢውም ይህን ስለሚያስብ ቀድማችሁ መልሱለት። 7ኛው ምዕራፍ ላይ ምንይችል «በስልክ ይላኩት» ማለት ሲችል ስልኩን ኪሱ ውስጥ ትቶ «ነገ ይደርሳል» ይበል። ስልኩ የታሪኩ ጠላት መሆኑ ቀርቶ ምስክር ሆነ ማለት ነው፤ መላክ እየቻሉ በእጅ ማምጣታቸው ራሱ ንግግር ነው።

ሁለተኛው የማኛው ነገር ነው። አዲሱ ጤፍ ታኅሣሥ ላይ ተወቅቶ በጥር ገበያው ሲሞላ፣ አንድ ደላላ ከእናትነሽ ደጅ ላይ ያለችን ገዢ ወደ ምንይችል ይጎትታታል፤ «የእሷ ማኛ ሰርገኛ የተቀላቀለበት ነው» ይላል። እናትነሽ የለችም። ምንይችል ከጆንያዋ አንድ እፍኝ ዘግኖ መዳፉ ላይ በተን ያደርግና ለገዢዋ ያሳያታል፤ «ይኸው፣ አንድ ቀይ ፍሬ ፈልጊበት። የእሷ ማኛ፣ ማኛ ነው።» ሁለት ኩንታል የሚሸጥበት ዕድል አመለጠው። እናትነሽ ይህን ከእሱ አትሰማም፤ ከተሸካሚው ትሰማለች፣ ያውም ከ4 ቀን በኋላ። ራሱ ቢነግራት ውለታ መቁጠር ይሆናል፤ በዚያው ቀን ብትሰማ ደግሞ ሮጣ አመስግናው ነገሩ ይቋጫል። አራቱ ቀናት ያለ ምስጋና ሲያልፉ ውለታው ይከብዳል።

ሦስተኛው የሰኔ ዝናብ ነው፤ ይህን ትዕይንት በጣም ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉት። ሌሊት ዝናቡ ይጀምራል፣ አሸንዳው ተዘግቷል፣ ውኃው በግድግዳው ሥር ይገባል። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ነው፤ እርጥበት ከያዘው ይጋግራል፣ ይሻግታል፣ ሽታውን ገዢ ከበር ይለየዋል። የእናትነሽ ጆንያዎች በርብራብ ላይ አይደሉም፤ ርብራቡን የገበያ ቀን ለመቀመጫ አውጥታዋለች። ሁለቱም በየፊናቸው ከቤታቸው ሮጠው ይመጣሉ። እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው እሱ የራሱን ትቶ የእሷን ሲያድን በማሳየት ነው። ያን ካደረጋችሁ ታሪኩ ወደ መሥዋዕትነት ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ ዝም ማለቱ ሐሰት ይሆናል። ይልቅስ መጀመሪያ የራሱን ያንሣ፣ 6 ጆንያ ካነሣ በኋላ በግድግዳው በኩል ብቻዋን ስትጎትት ይስማት፣ ከዚያ ይሂድ። የራሱን አስቀድሞ ስለሄደ ነጋዴነቱ አልጠፋም፤ ስለሄደ ደግሞ ሰውነቱ ታየ። ሁለት ሰው አንድ ኩንታል በጨለማ ሲያነሣ ብዙ አይነጋገርም፦ «ይያዙት»፣ «ከታች»፣ «እግርህን»። ይህን የመጨረሻውን ቃል ያዙልኝ።

አምስተኛ፦ አንቱታውን እንደ ዋና መሣሪያ ያዙት

አማርኛ የሚጽፍ ሰው በእጁ ያለ፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚባክን መሣሪያ ቢኖር ይህ ነው። እናትነሽና ምንይችል እኩያሞች ናቸው፤ እንደ ልማዱ አንተና አንቺ መባባል ነበረባቸው። ባላንጣ ስለሆኑ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንቱታ ይነጋገሩ። እኩያን አንቱ ማለት እንደ አነጋገሩ ክብርም ነው፣ በር መዝጋትም ነው። «እንደምን አደሩ» ብላ ሰላም ስትለው ገበያተኛው ጨዋነት ያያል፤ እሱ ግን ቅዝቃዜው ይገባዋል።

ከዚያ እስከ ሰኔው ዝናብ ድረስ አንድም ጊዜ አይሳቱ። በዚያ ሌሊት፣ በጥድፊያ መካከል፣ «እግርህን» ትላለች። አንተ አለችው። ሁለቱም ሰምተዋል፤ ማንም ምንም አይልም፣ ጸሐፊውም ምንም አይበል። «በልቧ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ» የሚል ሐረግ እዚህ ከገባ ትዕይንቱ ሞተ። በማግሥቱ ጠዋት ጆንያዎቹን ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ «ሌሊቱን ደከሙልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትላለች። ወደ አንቱታ ተመለሰች። ምን እንደጠፋ አንባቢው የሚያውቀው በዚህ ጊዜ ነው። ከማንኛውም እንቅፋት በላይ የሚያቃጥለው ይህ መመለስ ነው፤ ከውጭ የመጣ ነገር ስላልሆነም ማንም ተንኮል ነው አይለውም፤ ራሷ ፈርታ ያደረገችው ነው።

በዙሪያቸው ያሉት ሰዎችም በየደረጃቸው ይጥሯቸው። የሱቁ ልጅ «ጋሼ ምንይችል» እና «እትዬ እናትነሽ» ይላል። እትዬ የሺ ሁለቱንም «ልጄ» ይላሉ። ደላላው ሁሉንም ሰው አንተና አንቺ ይላል። ሁሉም በነፃነት የሚጠራሩበት መንደር ውስጥ ሁለቱ ብቻ በአንቱታ ሲቀሩ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል።

ስድስተኛ፦ ሰሙ ብቻውን መቆም ይችል

ጎጃም የነዋሸራ፣ የነዲማና የነጎንጅ አገር ነው፤ ቅኔ ቤት ያልገባውም ሰው ነገርን በሰም ሸፍኖ መናገር ያውቅበታል። ስለዚህ ከመናገር በፊት ያለው የመጨረሻው ደረጃ በሰም የተሸፈነ ንግግር ቢሆን ለአገሩም ለታሪኩም ይስማማል። ነገር ግን ጥብቅ ሕግ አለው። ንግግሩን ወርቁን ፈጽሞ ያልሰማ ሰው፣ ለምሳሌ ሚዛን ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ገበሬ፣ ሰምቶ ምንም እንግዳ ነገር ሊሸተው አይገባም። ሰሙ ካልቆመ ቅኔ መሆኑ ይቀርና አሽሙር ይሆናል፤ አሽሙር ደግሞ የተነገረ ቃል ነው፣ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም።

እንዲህ ይሁን። 15ኛው ምዕራፍ ላይ እናትነሽ ለአንድ ደንበኛ የጎደላትን 20 ኪሎ ከምንይችል ልትገዛ ትገባለች። ገበሬው ቆሟል።

«ሚዛንዎ ወደ ግድግዳው ያጋድላል» ትላለች።

«ወለሉ ነው» ይላል ምንይችል። «ሦስት ጊዜ አስተካከልኩት። ተመልሶ ወደዚያው ነው።»

«ታዲያ ለምን ሌላ ቦታ አያቆሙትም?»

«ሌላ ቦታ አልቆም አለኝ።»

ገበሬው የሰማው ስለ ወለል ነው፤ እውነትም ወለሉ ያዘነበለ መሆኑን አንባቢው ከ3ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ያውቃል። ከግድግዳው ማዶ ያለው ግን የእሷ ሱቅ ነው። በንግግሩ ውስጥ ልብ፣ ፍቅር፣ ናፍቆት የሚሉ ቃላት አንድም የሉም። እንዲህ ያለ ትዕይንት በሙሉ መጽሐፉ ውስጥ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። ሦስተኛው ላይ ገጸ ባሕርያቱ ባለቅኔ መሆን ይጀምራሉ፣ ጤፍ ነጋዴነታቸው ይቀራል። አንዱም ከተናገረ በኋላ «ገባሽ?» ብሎ አይጠይቅ፤ ከጠየቀ ሰሙ ተገፈፈ።

ሰባተኛ፦ የመጨረሻው ምክንያት ሲወድቅ አትቆዩ

ሰኔ 30 ደረሰ። እትዬ የሺ ሁለቱንም ክፍል ለእናትነሽ ሰጡ፤ አባቷ የረጅም ጊዜ ተከራያቸው ነበሩና ውሳኔው አያስገርምም። እዚህ ላይ ሁለት ፈተናዎች አሉ። አንደኛው ምንይችል ቀድሞ በድብቅ ከውድድሩ ራሱን እንዲያወጣላት ማድረግ ነው። ይህ ያምራል፣ ግን አዲስ ስውር ውለታ ይፈጥራል፤ ስትሰማው እንደገና «ለውለታ ነው» ወደሚለው ትመለሳለች፣ እናንተም ወደ 9ኛው ምዕራፍ ትመለሳላችሁ። እስከ መጨረሻው ተወዳድሮ ይሸነፍ። ሁለተኛው ፈተና ከሽንፈቱ በኋላ በቁጭት አምስት ምዕራፍ ዝም ማሰኘት ነው። የኪራዩ ጉዳይ ሲዘጋ ዝምታው መሠረቱን አጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ቢበዛ አንድ ምዕራፍ መታገሥ ይቻላል። ከዚያ በላይ ከዘገየ አንባቢው ያውቀዋል።

ያ አንዱ ምዕራፍ የሚያስፈልገው ለአንድ ነገር ነው። ምንይችል ከገበያው ማዶ ሌላ ሱቅ ይከራያል፣ ጆንያውን በጋሪ ያስጭናል። ከዚህ በኋላ የጋራ ግድግዳ የለም፣ ዝርዝር የሚላላኩበት ሰበብ የለም፣ አሸንዳውም የእሷ ብቻ ነው። እስከ ዛሬ ያገናኛቸው ቤቱ ነበር፤ አሁን ከመጣ ፈልጎ መጥቷል ማለት ነው። ቃሉ ከጥቅም ነፃ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያገኘው ሱቅ የለም፣ የሚከፍለው ውለታ የለም።

ስለዚህ 18ኛው ምዕራፍ ላይ፣ ሐምሌ ውስጥ፣ ጤፍ የሚሸጠው ሰው ጤፍ ሊገዛ ይመጣል።

«ምን ልስጥዎት?»

«10 ኪሎ ማኛ።»

«ያለዎት አልቆ ነው?»

«አላለቀም።»

ትመዝናለች። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡት፤ እጇ ጆንያው ውስጥ ሲገባ፣ ፌስታሉን ስትከፍት፣ ሚዛኑን ስታስተካክል፣ አንድ እፍኝ ጨምራ መርቃ ስታስር። ይህ ሁሉ ከ8 እስከ 10 ዓረፍተ ነገር ይሁን እንጂ ስለ ስሜቷ አንድም አይኑር። ከዚያ ይናገር። «እወድሻለሁ» ማለት ይችላል፤ ስህተት አይደለም። ግን በጎጃም ከተማ ለሚኖር፣ ቤተሰብ ላለው የ30 ዓመት ነጋዴ ሁሉንም የሚሸከም ሌላ ቃል አለ፤ ዋጋ ያለው፣ ከተነገረ በኋላ የማይመለስ ቃል።

«ሽማግሌ ልላክ?» ይላል።

መልሷን «አዎ» አታድርጉት። 17 ምዕራፍ ሙሉ ያጠራቀማችሁት አንቱታ የሚከፈለው አሁን ነው።

«ማንን ነው የምትልከው?»

አንተ አለችው፣ በዚህኛው ጊዜ ጨለማም ጥድፊያም የለም። ጥያቄዋ ነጋዴ የሚጠይቀው ተግባራዊ ጥያቄ ስለሆነ ከባሕርይዋ አልወጣችም፤ ውስጡ ግን እሺታ አለበት። አንባቢው ይህን ያለ ማብራሪያ እንዲያነብ ያደረገው «እግርህን» የሚለው ቃልና በማግሥቱ የመጣው «ደከሙልኝ» ነው። እነዚያ በቦታቸው ከሌሉ ይህ መልስ ምንም አይልም።

የቀሩት ሁለት ምዕራፎች

ከዚህ በኋላ አዲስ እንቅፋት አታምጡ፤ የእናትነሽ ቤተሰቦች ሽማግሌዎቹን አንድ ቀጠሮ ቢመልሷቸው ልማድ ነው እንጂ እንቅፋት አይደለም። አንባቢው የሚፈልገው ሌላ ነገር ማወቅ ነው፤ ሁለቱ ሱቆች ምን ይሆናሉ? ከሁለቱ አንዳቸው ሱቃቸውን ዘግተው የሌላው ረዳት ከሆኑ አንባቢው የወደደው ፉክክር በሰርግ ተገደለ ማለት ነው። በገበያው በሁለት ጫፍ ይነግዱ፤ ስለ ዋጋም ይከራከሩ፣ ከእንግዲህ በአንተና በአንቺ።

ረቂቁ ሲያልቅ ሁለት ፍተሻ አድርጉ። የመጀመሪያውን 12 ምዕራፍ ብቻ ለሦስት ሰው ስጡና «እስካሁን ለምን ያልተናገረ ይመስላችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ። «በኪራዩ ምክንያት»፣ «ሱቁን ፈልጎ እንዳይመስልበት» የሚል መልስ ከመጣ ሥራው ይዟል። «ፈሪ ስለሆነ ነው» ካሏችሁ የእትዬ የሺ ውሳኔ በበቂ አልተሰማም፤ በ11ኛውና በ12ኛው ምዕራፍ ውስጥ እሳቸውን አንድ አንድ ጊዜ ወደ ሱቁ አምጧቸው፣ ግድግዳውን በዓይናቸው ይለኩት። «ሊናገር ሲል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይመጣል» ካሏችሁ ደግሞ ያ አንድ ነገር የመጣባቸውን ትዕይንቶች አውጡና በቦታቸው ራሱ ወስኖ ዝም ያለበትን አስገቡ። ሁለተኛው ፍተሻ በቀይ እስክሪብቶ የሚሠራ ነው። ሁለቱ የሚነጋገሩባቸውን ገጾች ሁሉ አንብቡና እያንዳንዱን ግሥ ተመልከቱ፤ ከሰኔው ሌሊት በፊት አንድ አንተ ወይም አንቺ አምልጦ ከገባ አስምሩበትና ወደ አንቱታ መልሱት።